አር ስኩዌሩ 0.98 ነው፤ ታዲያ ሚዛኑን እንተወው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ ዓሣውን አንድ በአንድ መመዘን ሰዓት ይፈጃል፤ ወረፋው ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ርዝመቱን በማስመሪያ ለክተን ክብደቱን ከቀመር ብናወጣስ ብዬ 48 ቆሮሶ ለካሁ፣ መዘንኩም። ከ12 እስከ 36 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ኤክሴል ላይ ቀጥታ መስመር ሳስገባ አር ስኩዌሩ 0.91 መጣ። «ፓወር» የሚለውን ስመርጥ 0.98 ሆነ። ደስ ብሎኝ ለሊቀመንበሩ «98 በመቶ ትክክል ነው» አልኩት። ባልደረባዬ ግን ገበያ ላይ ከሚሸጡት፣ ከ22 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ካሉት ብቻ ወስዶ እንደኔው ሠራና 0.46 አገኘ። አሁን «ያንቺ ቀመር አይሠራም» እያለ ያሾፍብኛል። ፋይሎቹን ልኬልዎታለሁ። ማናችን ነን ትክክል? ሚዛኑንስ እንተወው?

መልስ

ፋይሎቹን ከፍቼ አየኋቸው። መጀመሪያ ጭቅጭቁን ላብርድላችሁ። ሁለታችሁም በትክክል ሠርታችኋል። ቀመራችሁም አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዓሦቹ ከመስመሩ የሚርቁበት መጠን እንኳ በሁለታችሁም ፋይል ያው ነው። ልክ ያልሆነው ለሊቀመንበሩ የነገርሽው «98 በመቶ ትክክል» የሚለው ንባብ ነው። ባልደረባሽም 0.46ን «አይሠራም» ብሎ ሲያነብ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው የገባው።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ርዝመቱን ሳታዪ የአንድ ዓሣ ክብደት ገምቺ ብትባዪ ምን ትያለሽ? በእጅሽ ያለው የ48ቱ ዓሣ አማካይ ብቻ ነው። ለትንሹም ለትልቁም ያንኑ አማካይ ትጠሪያለሽ። ከእውነተኛው ክብደት በየዓሣው ምን ያህል እንደራቅሽ ታሰያለሽ፤ ርቀቱን በራሱ እያባዛሽ ትደምሪያለሽ። ይህ የመጀመሪያው ድምር ነው። ቀጥሎ ርዝመቱን እያየሽ በቀመሩ ትገምቻለሽ። እንደገና የራቅሽውን በራሱ እያባዛሽ ትደምሪያለሽ። ይህ ሁለተኛው ድምር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለሽ ውጤቱን ከ1 ስትቀንሽ አር ስኩዌር ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ኮፊሸንት ኦፍ ዲተርሚኔሽን» የሚለውን ስም ያስተዋወቀው ሴዋል ራይት የተባለ አሜሪካዊ የዘር ውርስ ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ። ስሙ ግርማ አለው። ስሌቱ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ቀመሩ አማካዩን ብቻ ከሚጠራ ሰው ምን ያህል ይሻላል?» ስንት ግራም እንደምትስቺ አይነግርሽም። ከመቶ ዓሣ ስንቱን እንዳገኘሽም አይነግርሽም።

እንግዲህ ያንቺ ቀመር የተወዳደረው ከማን ጋር እንደሆነ ተመልከቺ። 12 ሳንቲ ሜትር ያለው ቆሮሶሽ 31 ግራም አካባቢ ነው። 36 ሳንቲ ሜትር ያለው 840 ግራም አካባቢ ነው። ለሁለቱም አንድ አማካይ የሚጠራ ሰው ሞኝ ነው። ሞተር ጀልባ ታንኳን ቀደመ ማለት ስለ ሞተሩ ብዙ አይነግርሽም። ባልደረባሽ ዘንድ ግን ተቀናቃኙ ሌላ ነው። ከ22 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያለ ቆሮሶ ቀመሩ እንደሚለው ከ192 እስከ 281 ግራም ነው። እዚህ ጋ አማካዩን የሚጠራ ሰውም ብዙ አይስትም። እሱን በብዙ መብለጥ ከባድ ነው።

ይህን በራስሽ ቁጥሮች ላሳይሽ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኤክሴል «ፓወር» ስትዪው ርዝመቱንም ክብደቱንም ወደ ሎጋሪዝም ቀይሮ ቀጥታ መስመር የሚያስገባው እዚያ ላይ ነው። የሚጽፍልሽ R²ም የሎጋሪዝሙ እንጂ የግራሙ አይደለም። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። ትልቅ ዓሣ በግራም ብዙ፣ ትንሽ ዓሣ ጥቂት ነው የሚስተው፤ በመቶኛ ሲታይ ግን ስህተታቸው ይቀራረባል። በሎጋሪዝም 0.12 መራቅ ማለት በግምት 12 በመቶ መራቅ ነው። ያንቺ ዓሦች ከመስመሩ የሚርቁት በዚሁ ልክ ነው፣ በ0.12። የባልደረባሽም እንደዚያው፣ 0.12።

0.12 በራሱ ሲባዛ 0.0144 ነው። ይህ ቀመሩ ሳያብራራ የቀረው መበታተን ነው፤ ለሁለታችሁም እኩል ነው። አጠቃላዩ የክብደት መበታተን ግን አንቺ ጋ 0.92 አካባቢ ነው፤ ትንሽና ትልቅ ዓሣ ስለቀላቀልሽ። እሱ ጋ 0.0267 ብቻ ነው። አሁን አካፍይ። 0.0144 ለ0.92 ሲካፈል 0.016 ነው፤ ከ1 ሲቀነስ 0.98። 0.0144 ለ0.0267 ሲካፈል 0.54 ነው፤ ከ1 ሲቀነስ 0.46። ከላይ ያለው ቁጥር አልተነካም። የተለወጠው የሚካፈልለት ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ከፈለግሽ አንድ ሙከራ አለ። ከራስሽ 48 ዓሣ ውስጥ ከ22 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያሉትን ብቻ ነጥለሽ አስይው። ጥቂት ስለሚሆኑ ቁጥሩ ይዋልላል፤ ግን ከ0.98 ሲያሽቆለቁል ታያለሽ። ዓሣ አልቀየርሽም፤ ማስመሪያ አልቀየርሽም፤ ሐይቁም ያው ጣና ነው።

ባልደረባሽ ጠባብ ዓሣ ያገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ገበያ የሚመጣው ዓሣ አብዛኛው በመረብ የተያዘ ነው፤ መረብ ደግሞ በዓይኑ ስፋት ይመርጣል። ትንሹ ያመልጣል፤ ትልቁ ጭንቅላቱ አይገባለትም። ለዚህ ነው የአንድ መረብ ዓሣ መልኩ አንድ የሚሆነው። እዚህ ላይ ለማስተርስሽ የሚሆን አንድ ወጥመድ አለ። መረቡ የሚይዘው በርዝመት ሳይሆን በሰውነት ውፍረት ነው። አጭር ሆኖ የወፈረውን ይይዛል፤ ረዥም ሆኖ የቀጠነውንም ይይዛል። እንዲህ ያለ ናሙና ላይ የሚሠራ መስመር ከእውነተኛው ይልቅ የተጋደመ ይሆናል። የባልደረባሽ ፋይል ላይ ይህ ብዙም አይታይም፤ ምናልባት ከተለያየ መረብ የመጣ ዓሣ ስለቀላቀለ ይሆናል። ግን ከአንድ መረብ ብቻ ወስደሽ ቀመር አታውጪ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ዓሣ አስጋሪው 0.98 አይበላም። ማወቅ የሚፈልገው ስንት ግራም እንደሚጎድልበት ነው። ለዚህ ኤክሴል ሌላ ተግባር አለው፤ ብዙ ሰው አይነካውም። ርዝመቱ A ላይ፣ ክብደቱ B ላይ ይሁን። C ላይ የርዝመቱን ሎጋሪዝም፣ D ላይ የክብደቱን ሎጋሪዝም በ`LN` አውጪ። ከዚያ ይህን ጻፊ፦

```
=STEYX(D2:D49,C2:C49)
```

0.12 ይሰጥሻል። መፈለግ የነበረብሽ ቁጥር ይህ ነው። ዓሦቹ ከመስመሩ በተለምዶ በምን ያህል እንደሚርቁ ይናገራል። ትንሽና ትልቅ ዓሣ ስለቀላቀልሽ አያምርም፤ ጠባብ ስለወሰድሽም አይከፋም። ባልደረባሽም ቢያወጣው ያንኑ ያገኛል። ክርክራችሁ እዚያው ላይ ያልቃል።

በአንድ ዓሣ እንሞክረው። ቀመርሽን አጠጋግቼ 0.018 ሲባዛ በርዝመት ኩብ አድርጌዋለሁ። 24 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ቆሮሶ 249 ግራም ይላል። ከሦስት ዓሣ ሁለቱ ከ221 እስከ 281 ግራም ውስጥ ይወድቃሉ። ከመቶ 95ቱን ለመያዝ ከፈለግሽ ደግሞ ክልሉ ከ196 እስከ 316 ግራም ይሰፋል። አየሽ? አንድ ርዝመት፣ አንድ ቀመር፣ 0.98 አር ስኩዌር፣ ግን ከታች እስከ ላይ 120 ግራም ልዩነት። አንዱ ሆዱ ሞልቶ የመጣ ነው፤ አንዷ እንቁላል የያዘች ናት፤ አንዱ ከስቶ የቀረ ነው። ማስመሪያው ይህን አያይም። ዓሣውን በነጠላ የሚሸጥ ሰው በማስመሪያ ተከፈልኩ ብሎ ቢጮህ እውነት አለው።

በሣጥን ሲሆን ነገሩ ይቀየራል። 100 ዓሣ ያለበት ሣጥን ላይ አንዱ ሲበዛ ሌላው ሲያንስ ይቻቻላል። የ12 በመቶው መዋዠቅ ለ100 ዓሣ ድምር በአሥር ይቀንሳል፤ 1.2 በመቶ ይሆናል። 25 ኪሎ በሚሆን ሣጥን ላይ 300 ግራም ገደማ ነው። ይህ ጥሩ ነው። ግን የማይቻቻል ስህተትም አለ። መስመሩ ራሱ የወጣው ከ48 ዓሣ ብቻ ነው፤ ሌላ 48 ብትወስጂ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ መስመር ይወጣልሽ ነበር። በዚያ ርዝመት አካባቢ ይህ መናወጥ 2 በመቶ ገደማ ነው። ሺህ ዓሣ ብትለኪም አይቀንስም፤ ሁሉም ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ። የሚቀንሰው ቀመሩ የሚወጣበትን ናሙና ስታበዢ ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች፤ ትንሽ ብትሆንም ሁልጊዜ አንዱን ወገን ነው የምትጎዳው። በሎጋሪዝም ሠርተሽ ወደ ግራም ስትመልሺ ቀመሩ የሚሰጥሽ የመካከለኛውን ዓሣ ክብደት ነው እንጂ አማካዩን አይደለም። አማካዩ ከፍ ይላል፤ ላይኛው ወገን ረዘም ስለሚል። ማስተካከያው 0.12ን በራሱ አባዝቶ ለ2 ማካፈል ነው፤ 0.0072፣ ማለትም 0.7 በመቶ። በ10 ኩንታል ዓሣ ላይ 7 ኪሎ ይሆናል። ሰባቷ ኪሎ የምትጎድለው ሁልጊዜ ከአስጋሪው ነው። ግምትሽን በ1.007 ብታባዢ ነገሩ ያልቃል።

0.91 ስላወጣው ቀጥታ መስመርሽ ደግሞ ላንሳ። ብዙ ጥናት ላይ 0.91 ቢገኝ ሰው እልል ይላል። ያንቺ መስመር ግን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ክብደት እኩል ነው 30.5 ሲባዛ በርዝመት፣ ሲቀነስ 420። 12 ሳንቲ ሜትር አስገቢበት። ከዜሮ በታች 54 ግራም! ዓሣ አምጥቶ ዕዳ ይዞ የሚመለስ አስጋሪ ማለት ነው። 22 ሳንቲ ሜትር ስታስገቢ 251 ግራም ይላል፤ በኩቡ ቀመር ግን 192 ነው። 36 ላይ ደግሞ 678 ይላል፤ በኩቡ ቀመር 840 ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሳንሳል፤ መሀሉ ላይ፣ ገበያ የሚሸጠው ዓሣ ላይ፣ በ60 ግራም ያስበልጣል።

ይህ ሁሉ ስህተት ከ0.91 በስተጀርባ ተደብቆ ነበር። ክብደት ከርዝመት ኩብ ጋር ነው የሚያድገው፤ ዓሣ ሲረዝም ይሰፋልም ይወፍራልም። ወደ ላይ በሚታጠፍ ነገር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብትጥዪ፣ ነጥቦቹ እስከወጡ ድረስ መስመሩም ስለሚወጣ አር ስኩዌሩ ይፈነድቃል። ፍራንሲስ አንስኮም የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ትናንሽ ሠንጠረዦች ሠርቶ ይህንን አሳይቷል። አራቱም አር ስኩዌራቸው 0.67 ነው፤ የሪግሬሽን መስመራቸውም አንድ ነው። በሥዕል ሲታዩ ግን አንዱ ጤነኛ የተበተነ ነጥብ ነው፤ ሁለተኛው ኩርባ ነው፤ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ አንድ ነጥብ ብቻ ያፈነገጠበት ነው፤ አራተኛው ደግሞ መስመሩን አንድ ብቸኛ ነጥብ ተሸክሞ የቆመበት ነው።

አንቺም ሥዕሉን ሣይው። ግን የክብደትና የርዝመቱን ሥዕል አይደለም፤ እሱ ሁልጊዜ ያምራል። ከእያንዳንዱ እውነተኛ ክብደት ግምቱን ቀንሺና የቀረውን ከርዝመቱ ጋር ሣይው። በቀጥታው መስመር ይህን ብታደርጊ ነጥቦቹ ግራ ላይ ከዜሮ በላይ፣ መሀል ላይ ከዜሮ በታች፣ ቀኝ ላይ እንደገና በላይ ሆነው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይታዩሻል። በፓወሩ ግን፣ በሎጋሪዝም ሲታይ፣ ከላይና ከታች ያለ ቅርጽ ተበትነዋል። ፓወሩን የምመርጠው በዚህ ነው እንጂ 0.98 ከ0.91 ስለሚበልጥ አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መቀመጥ አልነበረባቸውም፤ አንዱ በግራም፣ ሌላው በሎጋሪዝም የተሰላ ነው። ፓወሩን ወደ ግራም መልሼ ሳሰላው 0.97 ነው የመጣው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እስካሁን ያየነው ስህተት ወዲያና ወዲህ የሚበተነውን ነው። አር ስኩዌር ግን በአንድ አቅጣጫ የሚገፋ ስህተትን ከነጭራሹ ላያይ ይችላል።

ቆሮሶዎቹ በሌላ ወቅት ከሱ እንበል። እንቁላል ከጣሉ በኋላ፣ ወይም ምግብ ሲያንስ፣ ያው ርዝመት ያለው ዓሣ 10 በመቶ ቀለለ። 24 ሳንቲ ሜትሩ 249 ሳይሆን 224 ግራም ሆነ። 10 በመቶውን ለምሳሌ ነው ያመጣሁት፤ እውነተኛውን የምታውቂው መዝነሽ ብቻ ነው። ባለፈው ቀመር የምትከፍሉ ከሆነ ለ24.9 ኪሎ ከፍላችሁ 22.4 ኪሎ ትወስዳላችሁ። በየሣጥኑ ሁለት ኪሎ ተኩል! አሁን ግምቱን E ላይ አስቀምጠሽ ከእውነተኛው ክብደት ጋር በዚህ ብትፈትሺው፦

```
=RSQ(B2:B49,E2:E49)
```

ቁጥሩ አሁንም እንደ ዱሮው ከፍ ብሎ ያምራል። ይህ ተግባር የሚያሰላው ሁለቱ ቁጥሮች አብረው መውጣትና መውረዳቸውን ብቻ ነው። ግምትሽን በሁለት ብታባዢው እንኳ ውጤቱ በአንዲት ነጥብ አይለወጥም። ኪሳራው ግን በሣጥን ይቆጠራል። ልዩነቱን የሚያየው ይህኛው ነው፦

```
=1-SUMXMY2(B2:B49,E2:E49)/DEVSQ(B2:B49)
```

መጀመሪያ ያወራነው ስሌት ነው፤ አዲስ መስመር ሳያስገባ ያለውን ግምት እንዳለ ይፈትናል። እንደ ባልደረባሽ ባለ ጠባብ ናሙና ላይ 10 በመቶ መክሳት 0.46ቱን ወደ ዜሮ ያስጠጋዋል። 20 በመቶ ቢሆን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች ሲሆን ኤክሴል ተበላሸ ማለት አይደለም፤ አማካዩን የሚጠራው ሞኝ ከቀመርሽ በለጠ ማለት ነው። ባንቺ ሰፊ ናሙና ላይ ግን ይህኛውም ብዙ አይወርድም፤ እዚያ ተቀናቃኙ ደካማ መሆኑን አትርሺ።

ስለዚህ ለየሳምንቱ ቁጥጥር ሁለቱንም አልመክርሽም። 30 ዓሣ በዘፈቀደ ውሰጂ፤ ደህና ደህናውን አትምረጪ። ለኪያቸው፣ መዝኛቸውም። የግምቱን ድምር ለእውነተኛው ድምር አካፍይ፦

```
=SUM(E2:E31)/SUM(B2:B31)
```

1.00 አካባቢ ከሆነ ቀመሩ ደህና ነው። በ30 ዓሣ ይህ ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ከ4 እስከ 5 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ ለዚያ አትደንግጪ። ከ1.05 ካለፈ ወይም ከ0.95 ከወረደ ግን በማግሥቱ ሌላ 30 መዝኚ። አሁንም እዚያው ከሆነ ዓሣው ተቀይሯል፤ ቀመሩን አዲስ አድርጊው።

በዚህ አጋጣሚ፣ ፋይልሽ ውስጥ አንድ ዓሣ «የተዘረገፈ» የሚል ማስታወሻ አለው። አውጪው። ሆዱ የወጣ ዓሣ ሌላ ቀመር ይፈልጋል። አምባዛንም በዚሁ ቀመር አታስቢ፤ ረዥምና ቀጭን ነው። ነጭ ዓሣ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቂ። ጣና ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩት ከደርዘን በላይ ዓይነት ናቸው፤ የሰውነት ቅርጻቸውም ይለያያል። ሁሉንም አንድ ላይ ብትጨፈልቂያቸው አር ስኩዌሩ አሁንም ከ0.9 በላይ ሊወጣ ይችላል። ቀመሩ ግን አንዱን ዓይነት ሁልጊዜ ያስበልጣል፤ ሌላውን ሁልጊዜ ያሳንሳል።

እንግዲህ ሚዛኑን እንተወው ላልሽው፣ አትተዉት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሌላ ነው። 100 ዓሣ በማስመሪያ አንድ በአንድ ከመለካት ሣጥኑን እንዳለ ሚዛን ላይ ማውጣት አይፈጥንም? የባዶውን ሣጥን ክብደት ቀንሶ መክፈል ነው። የወረፋው ችግር የቀመር ችግር አይመስለኝም፤ ዓሣውን አንድ በአንድ የመመዘን ችግር ነው። በዓይነትና በመጠን ለይታችሁ በሣጥን መዝኑ።

ቀመርሽ የሚጠቅመው ሚዛን በሌለበት ነው። ከከተማው ርቀው ዓሣ የሚያወርዱ አባላት ካሏችሁ፣ ርዝመትና ብዛት በስልክ ቢነግሩሽ ስንት ኪሎ እንደሚመጣ ከ3 ወይም ከ4 በመቶ ባልበለጠ ስህተት ትገምቻለሽ፤ በረዶና መኪና ለማዘጋጀት ከበቂ በላይ ነው። ርዝመት ብቻ የተጻፈበት የድሮ መዝገብ ካለም ወደ ኪሎ ይቀይርልሻል። ለማስተርስሽ ደግሞ ያ 12 በመቶ ራሱ ርዕስ ሊሆን ይችላል። የትኛው ዓሣ ከመስመሩ በላይ ነው? በየትኛው ወር? ሴቷ ናት ወንዱ? አር ስኩዌሩ «ያልተብራራ» ብሎ ጥግ ያስያዘው ነገር ውስጥ ነው የዓሣው ጤና ያለው።

ለሊቀመንበሩ የምትሰጪውን ወረቀት ደግሞ እንዲህ ብለሽ አስተካክይው፦ «ከ12 እስከ 36 ሳንቲ ሜትር ላለ፣ ላልተዘረገፈ ቆሮሶ ቀመሩ የአንድን ዓሣ ክብደት በተለምዶ በ12 በመቶ ይስታል፤ አልፎ አልፎ እስከ 25 በመቶ። ለ100 ዓሣ ድምር ስህተቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ዓሣው በተለካበት ወቅት ብቻ የተፈተነ ነው።» 0.98ን ከፈለግሽ ከሥር በትንሽ ፊደል ጻፊው፤ አጠገቡ ግን «ከ12 እስከ 36» የሚለው አይጥፋ። ባልደረባሽንም `STEYX` ያውጣ በይውና 0.12ቱን ሲያገኝ ሻይ ይጋብዝሽ።